ካፌ ውስጥ ሙዚቃ፦ ለማዝናናት ነው ወይስ ለማስነሳት?

ቦሌ ተመላላሽ
ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ የካፌ ባለቤት ሲያወራ ሰማሁ። "ማኪያቶ ሸጥኩ እንጂ ወንበር አላከራየሁም፤ ሰው አልነሳ ሲለኝ ሙዚቃውን ከፍ አደርገዋለሁ" አለ። ጋዜጠኛዋ ሳቀች፣ እኔ ግን ተናደድኩ። ከፍዬ የተቀመጥኩ ሰው በስፒከር ልባረር? ደንበኛ ዘና ብሎ፣ ሳይከፋው፣ በጊዜው የሚነሳበት ሙዚቃ የለም ወይ?

ባለ ስምንት ጠረጴዛ
ሰውየው ምን አጠፋ? እኔም ትንሽ ካፌ አለኝ። ስምንት ጠረጴዛ ናት። አንዱ ላፕቶፑን ከፍቶ በአንድ ማኪያቶ ከጠዋት እስከ ምሳ ይቀመጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ሰው በር ላይ ቆሞ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይሄዳል። የሄደውን ሰው አንተ ትከፍልልኛለህ? እውነቱን ነው፣ ወንበር አላከራየንም።

ቦሌ ተመላላሽ
አላከራየህም? ታዲያ ማኪያቶውን ቆሜ ልጠጣ? ዋጋው ውስጥ ወንበሩ ከሌለ ለምን ከጀበና ቡናዋ ሦስት እጥፍ ሆነ?

አንብቤያለሁ
ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ጥናት አለ። ዝግ ያለ ሙዚቃ ሲከፈት ሰው ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ፈጣን ሙዚቃ የሚከፍት ባለቤት የራሱን ኪስ ነው የሚያባርረው። አለቀ።

ድምፅ ሰራተኛ
አላለቀም። የምትለው የሚሊማን ጥናት ነው፣ 1986። እኔ ስፒከር ስገጥም ባለቤቶች ሁሉ እሱን ግማሹን ይጠቅሱልኛል። ሙዚቃው ዝግ ሲል፣ ማለትም በደቂቃ 72 ምትና ከዚያ በታች ሲሆን፣ ሰው በአማካይ 56 ደቂቃ ተቀመጠ። 92ና ከዚያ በላይ ሲሆን 45 ደቂቃ። እስቲ ቀጥሎ ያለውን አንብብ። ለምግብ ያወጡት ብዙም አልተለየም። የጨመረው የመጠጥ ሂሳብ ነው። ቦታው አልኮል የሚሸጥ ሬስቶራንት ነበር። ሰው በተቀመጠ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ይደግማል። ማኪያቶ ግን ስንቱ ይደግማል?

አንብቤያለሁ
እኔ እደግማለሁ።

ባለ ስምንት ጠረጴዛ
እንዳንተ ያለውን ደንበኛ አድራሻውን ላክልኝ።

ሲኤምሲ 4ኛ ፎቅ
የካፌ ሙዚቃ ጉዳይ መነሳቱ ጥሩ ነው። ከእኛ ሕንፃ ሥር ያለው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያስጮኸዋል። ቤዙ መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል። ልጄ ፈተና አለው። ለወረዳ አመለከትን፣ እስካሁን መልስ የለም። ምን እናድርግ?

ቦሌ ተመላላሽ
ወንድሜ እኛ የምናወራው ሌላ ነው። ግን አይዞህ።

ድምፅ ሰራተኛ
ቤዙን ቀንሱ በሏቸው። ስፒከሩን ከግድግዳው ጥግ አውጥተው ከሥሩ ላስቲክ ያድርጉበት። ብዙውን ጊዜ ወደ ፎቅ የሚወጣው ቤዙ ነው።

ወደ ሬዲዮው ሰውዬ ልመለስ። የእሱ ችግር ማባረሩ አይደለም፣ መንገዱ ነው። ፈጣን ማድረግና ጮክ ማድረግ የተለያዩ ናቸው። ጮክ ስታደርገው ደንበኛው ወዲያው ይገባዋል። "ተነስ ተባልኩ" ይላል፣ እልህ ይይዘዋል፣ አይነሳም። ፍጥነቱን ቀስ አድርገህ ስታነሳው ግን አያውቅም። ማኪያቶውን ቶሎ ይጨርሳል፣ ወሬውም ይፈጥናል።

አንብቤያለሁ
ድምፅ ከፍ ሲልም ይሠራል! ፈረንሳይ ውስጥ ቡና ቤት ውስጥ 72 ዴሲቤሉን ወደ 88 ሲያደርጉት ሰዎች ቢራቸውን ቶሎ ጨርሰዋል። 2008። እንግዲህ ሬዲዮው ሰውዬ ልክ ነው።

ድምፅ ሰራተኛ
ከአምስት ደቂቃ በፊት ዝግ ያለ ሙዚቃ ክፈቱ ስትል ነበር። ለማንኛውም፣ ቶሎ ጨርሰው ምን አደረጉ? ሌላ አዘዙ። ተነስተው ወጡ አይልም።

የቀድሞ አስተናጋጅ
ስለ ድምፅ እኔ ልናገር፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ካፌው ወለሉ ሴራሚክ፣ ግንቡ መስታወት። ጠዋት ባዶ ቤት ውስጥ ሙዚቃው ጥሩ ነው። ሰው ሲሞላ ወሬው ይበዛል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ሙዚቃው አይሰማም። አለቃዬ ይጨምረዋል። ሰዉ ደግሞ ሙዚቃውን ለማለፍ ይጮኻል። እንደገና ይጨምራል። በዚህ መሃል "ማኪያቶ ወተት ይብዛ" ያለችኝን "ወተት ይቅር" ብዬ እሰማለሁ። የተመለሰው ማኪያቶ ከማን ደሞዝ ይቆረጥ ነበር? ከእኔ። ምሳ አልፎ ሰው ሲወጣ ደግሞ የሚቀንሰው የለም። ባዶ ቤት ውስጥ ያገሳል።

ድምፅ ሰራተኛ
ይሄ ነው። ድምፁን በባዶ ቤት አትለኩ። ቤቱ ግማሽ ሲሞላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና ፊት ለፊት ካለው ሰው ጋር በተለመደ ድምፅ አውሩ። ወደ ፊት ካዘነበላችሁ በዝቷል። አስተናጋጅ ትዕዛዝ ሁለቴ ከጠየቀችም በዝቷል። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉና ሲሞላም አትንኩት። አንድ ትልቅ ስፒከር ከካሸሩ በላይ ከመስቀል አራት ትንንሽ በአራቱ ጥግ ይሻላል። ያለበለዚያ ካሸሩ አጠገብ ያለው ይደነቁራል፣ መስኮት ጋ ያለው ምንም አይሰማም።

ባለ ስምንት ጠረጴዛ
እሺ። ፍጥነቱን ግን እንዴት ነው የማውቀው? ስልኬ ላይ አንድ አፕ አውርጄ ነበር። አንዱን የወሎ ዘፈን 65 ይለኛል፣ ሌላ አፕ 130 ይላል።

ድምፅ ሰራተኛ
አፑ በችክችካ ይደናገራል። የእኛን ስድስት-ስምንት አቆጣጠር አንዳንዴ እጥፍ አድርጎ ይቆጥረዋል። አፑን ተወው፣ እግርህን ስማ። ዘፈኑን ክፈትና እግርህ በራሱ የሚመታውን 15 ሰከንድ ቁጠር። 18 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዝግ ነው፣ ሰው ይቀመጥበታል። 23ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። መሃሉ ላይ ያለው ብዙም አይገፋም፣ ብዙም አያስቀምጥም።

አሁን አንተ ንገረኝ። በር ላይ ሰው የሚቆመው መቼ መቼ ነው?

ባለ ስምንት ጠረጴዛ
ከ6 እስከ 8 ሰዓት። ከዚያ ውጪ ሁለት ሦስት ጠረጴዛ ሁልጊዜ ባዶ ነው።

ድምፅ ሰራተኛ
በል አስላው። ሁለት ሰዓት 120 ደቂቃ ነው። አንድ ጠረጴዛ 50 ደቂቃ ከተያዘ በስምንቱ ወደ 19 ጊዜ ታስተናግዳለህ። 40 ደቂቃ ከሆነ 24 ጊዜ። አምስት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው አገኘህ ማለት ነው፣ ግን በር ላይ የቆመ ካለ ብቻ። ከ9 ሰዓት በኋላ ባዶ ጠረጴዛ እያለህ ሰው ብታስነሳ ምን ታገኛለህ? ባዶ ቤት። ባዶ ካፌ ደግሞ ማን ይገባል? ያኔ የተቀመጠው ሰው ለአንተ ማስታወቂያ ነው። እኔ ብሆን ጠዋት ዝግ ያለ፣ ክራር ወይም ፒያኖ ብቻ፣ ዘፋኝ የሌለበት አደርግ ነበር። ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሦስት አራት ዘፈን ቀስ እያልክ ትጨምራለህ። 6 ሰዓት ላይ እግሩ 25 አካባቢ ይመታ። 8 ሰዓት ተኩል ላይ መልሰህ ታወርዳለህ።

ቦሌ ተመላላሽ
እና ይሄ ማባረር አይደለም? በስውር ሆነ እንጂ ያው ነው። ሬዲዮው ሰውዬ ቢያንስ ፊት ለፊት ተናግሯል።

የቀድሞ አስተናጋጅ
ምሳ ሰዓት ላይ ስትቆም ታየዋለህ፣ ያኔ ይገባሃል።

አንብቤያለሁ
ትዝታ ከተከፈተ ግን ማንም አይነሳም። አንዱ ዘፈን ስምንት ደቂቃ ነው፣ ሰው የሚወደውን ዘፈን ሳይጨርስ አይወጣም።

ድምፅ ሰራተኛ
በዚህ እስማማለሁ። እኔ እንደማየው ሰው የሚነሳው ዘፈን ሲያልቅ ነው፣ መሃል ላይ አይደለም። በምሳ ሰዓት ሦስት አራት ደቂቃ የሆኑትን ምረጥ። ሰው አብሮ የሚያንጎራጉረውን ደግሞ ለከሰዓት አስቀምጠው።

የቀድሞ አስተናጋጅ
እባካችሁ ፕሌይሊስቱን ረጅም አድርጉት። ያንኑ ሃያ ዘፈን ቀኑን ሙሉ የምትሰማው አስተናጋጇ ናት። ደንበኛ አንዴ ሰምቶ ይሄዳል። እኔ እስከ ዛሬ አንድ ዘፈን ሲጀምር ትዕዛዝ የያዝኩ ይመስለኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሁላችሁም ረስታችኋል፣ ሙዚቃውን ከየት ነው የምትከፍቱት? እዚህ አሜሪካ ዘመዴ ካፌ ከፍቶ በግል አካውንቱ ሲያጫውት ቆይቶ የዘፈን መብት ክፍያ ከሚሰበስቡት ከአስካፕና ከቢኤምአይ ደብዳቤ መጣለት። አሁን በየዓመቱ ይከፍላል። የሀገር ቤቱስ?

ባለ ስምንት ጠረጴዛ
ዩቲዩብ ነው የምከፍተው፣ ምን ይጠየቃል።

ድምፅ ሰራተኛ
ይጠየቃል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ872/2007 ተሻሽሏል። ለሕዝብ ማሰማት የባለመብቱ ነው። ሕጉን ብትተወው እንኳ ማስታወቂያውስ? ሰው ዘና ብሎ ሳለ መሃል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ሲጮህ ያቀናበርከው ሁሉ ይፈርሳል።

ሲኤምሲ 4ኛ ፎቅ
እኛ ጋ ያለው ማስታወቂያውን ሳይቀር በሙሉ ድምፅ ነው የሚያሰማው።

ቦሌ ተመላላሽ
አንድ ነገር ማንም አልመለሰም። ወንበር አላከራየሁም ያልከው ላፕቶፕ የያዘውን ሰው አይደል? እሱ ጆሮው ላይ ኢርፎን አለ። የራሱን ሙዚቃ ነው የሚሰማው። ያንተ 25 ምት የሚደርሰው እኔ ጋ ነው፣ ከጓደኛዬ ጋር ግማሽ ሰዓት ልጫወት የመጣሁት ጋ። የሚቀመጠው ይቀመጣል፣ የሚሄደው ቶሎ ይሄዳል።

አንብቤያለሁ
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው።

ድምፅ ሰራተኛ
እውነት ነው፣ ሙዚቃ እሱ ጋ አይደርስም። እሱ የሙዚቃ ጉዳይ አይደለም፣ የዋይፋይና የሶኬት ጉዳይ ነው። የይለፍ ቃሉን ከሂሳብ ደረሰኝ ጋር ስጥ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ የሚሠራ አድርገው።

የቀድሞ አስተናጋጅ
ያንን ደረሰኝ ይዞ የሚጨቃጨቀው ግን እኔን የመሰለችዋን ነው።

ባለ ስምንት ጠረጴዛ
ከሰኞ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ብቻ ልሞክረው ነው። ጮክ አላደርግም። ወንበር ግን አሁንም አላከራይም።

ቦሌ ተመላላሽ
ካፌህ የት እንደሆነ ንገረኝ። በ6 ሰዓት ቻርጀሬን ይዤ እመጣለሁ።

ባለ ስምንት ጠረጴዛ
ና። ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ።