በ2010 የተለወጠው መንግሥት ነው ወይስ ሥርዓት?

አንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ሀዋሳ፦ ለፖለቲካ ኮርስ የቃላት መፍቻ እየሠራን ነው። አገረ መንግሥት፣ ብሔር፣ ሥርዓት፣ መንግሥት፣ ሥልጣን። ሁሉንም በአገራችን ምሳሌ አስረዱ ተብለናል። በመጋቢት 2010 የተለወጠው መንግሥት ብቻ ነው ወይስ ሥርዓቱም? ቡድናችን ለሁለት ተከፍሏል።

የታቦር ልጅ፦ ይሄ ምን ያከራክራል? መንግሥት ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ ያው የ1987ቱ ነው። ፓርላማውም በ2007 የተመረጠው፣ 547ቱን ወንበር ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ የያዙት ነው። አቶ መለስ ካረፉ በኋላ አቶ ኃይለማርያም እንደመጡት ሰው ወርዶ ሰው ወጣ፣ አለቀ። የሥርዓት ለውጥ ካማረህ መስከረም 1967ን እይ። ንጉሡ ወረዱ፣ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማው ተዘጋ።

ጡረተኛው መምህር፦ የ1967ቱ ምሳሌህ ጥሩ ነው፣ መለኪያህ ግን ያሳስትሃል። ወረቀቱን ብቻ ነው የምታየው። 1979ን አስብ። ደርግ አዲስ ሕገ መንግሥት አርቅቆ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ፣ ሪፐብሊክም ታወጀ። ትናንት ሊቀ መንበር የነበሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ ፓርቲውም ያው ኢሠፓ ነው፣ ከሱ ውጪ ሆኖ ሥልጣን የሚያዝበት መንገድ አልተከፈተም። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ተለወጠ፣ ሥርዓቱ ግን አልተነቃነቀም። ታዲያ ተቃራኒውስ ለምን አይሆንም? እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሥልጣን በምን መንገድ ይያዛል? የያዘውንስ ማን ሊያስቆመው ይችላል?

ተማሪው፦ እሺ መምህር፣ በ2010ስ እንዴት ነበር?

ጡረተኛው መምህር፦ በሕጉ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሰይመው ፓርላማ ነው። ጉዳዩ የሚያልቀው ግን ኢሕአዴግ ምክር ቤት ውስጥ ነበር። 180 አባላት አሉት፣ አራቱ ድርጅቶች ትልቅ ትንሽ ሳይባሉ 45፣ 45 ይልካሉ። እዚያ ያሸነፈ ሊቀ መንበር ይሆናል፣ ፓርላማው ያጸድቃል። ሥልጣን ማለት እዚህ ጋ ነው፤ ፊርማው አንድ ቦታ፣ ውሳኔው ሌላ ቦታ። ይሄ የእኩል ድምፅ ደንብ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። በመጋቢት 2010ም ጠቅላይ ሚኒስትሩ የመጡት በዚሁ መንገድ ስለሆነ የዚያን ቀን የተለወጠው መንግሥት ነው። በ2012 ግን ግንባሩ ፈርሶ ብልፅግና ሲመሠረት ደንቡም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ሥርዓቱ ተለወጠ ከተባለ 2012ን ያዙ።

የታቦር ልጅ፦ በዚህ አያያዝ እኮ አንድ ፓርቲ መተዳደሪያ ደንቡን ባሻሻለ ቁጥር ሥርዓት ተለወጠ ልንል ነው። ይሄ የፓርቲ የውስጥ ጉዳይ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ሥልጣን በምርጫ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ በሚያልፍበት አገር ቢሆን እሺ። ማን እንደሚገዛ የሚወሰነው ፓርቲው ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን የውስጥ ደንቡ የአገሩ ደንብ ነው።

አሞራ ገደል፦ እኔ ፖለቲካ አላጠናሁም፣ ግን ልጠይቅ። የቤቴ ካርታ የወጣው ሀዋሳ የደቡብ ክልል ሆና ሳለች ነው። አሁን ሲዳማ ክልል ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ሄጄ አዲስ አውጣ ቢሉኝስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። መንግሥት ሲቀየር ካርታ ይወድቃል እንዴ?

ሐይቅ ዳር፦ አይወድቅም ጋሼ። በ2012 የተለወጠው የክልሉ አስተዳደር ነው፣ አገረ መንግሥቱ ግን አልተነካም። ማኅተሙ ቢቀየርም መብትዎ ይቀጥላል። ኢትዮጵያ በ1945 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተመድ መሥራቾች አንዷ ነበረች። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ሄደ፣ ማንም እንደገና አባል አድርጉን ብሎ አላመለከተም። ኤርትራ ግን በዚያው አቆጣጠር በ1993 ነጻ ስትወጣ አዲስ አባል ሆና ነው የገባችው፣ ምክንያቱም አዲስ አገረ መንግሥት ነበረች።

አሞራ ገደል፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሲዳማ ብሔር ከሆነ ራሱ አገረ መንግሥት ሆነ ማለት አይደለም?

ሐይቅ ዳር፦ አይደለም። ሲዳማ ከኅዳር 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ በፊትም ብሔር ነበር። አንቀጽ 39 የሚያነሣው የጋራ ባህል፣ ቋንቋ፣ ሥነ ልቦና፣ የአንድነት እምነትና የሰፈሩበት መሬት ነው። የራሱ ጦር፣ የራሱ ፓስፖርት አይልም። ሕዝበ ውሳኔው ያመጣው የራስን ክልል ነው።

የታቦር ልጅ፦ አንቀጽ 8 ሉዓላዊነት የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው ይላል እኮ። 39ም እስከ መገንጠል ይፈቅዳል። ያን ያህል አትለያያቸው።

ሐይቅ ዳር፦ መብቱ መኖሩና አገረ መንግሥት መሆን ሁለት ነገር ነው። ካልሆነማ ኤርትራን ምሳሌ ባልሰጠሁ። አንቀጽ 8ን በተመለከተ ግን ልክ ነህ፣ እሱ ክርክር አለበት።

ተማሪው፦ ለሥርዓት 1967ንና 1979ን ጎን ለጎን ልናስቀምጥ ነው። 2012ን ግን ግማሹ ቡድን አሁንም አልተቀበለውም።

ጡረተኛው መምህር፦ እንዳትደብቁት። ሁለቱንም አስተያየት ጻፉ፣ ከሥሩ የ180ውን ምክር ቤት አስገቡ፣ አስተማሪያችሁ ይፍረድ።