«ለሁሉም እኩል ነው» የተባለ የዕድሜና የቁመት ገደብ፦ ማስታወቂያውን ምን ብዬ ልጻፈው?

ጥያቄ፣ ከ«ቅጥር ክፍል»

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሰው ኃይል ክፍል ነው። ለመጋዘን ዕቃ ተረካቢ ማስታወቂያ አውጣ ተብያለሁ። አለቃዬ የሰጠኝ መስፈርት «ዕድሜ ከ30 ያልበለጠ፣ ቁመት ከ1.70 ሜትር ያላነሰ፣ ጥሩ ቁመና፣ ጾታ አይለይም» ይላል። ይሄ አድልዎ አይሆንም ወይ ብዬ ስጠይቀው «ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ አድልዎው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ምን ልበለው? በምንስ ልተካው?

«የመጋዘን ሰው»

አይዞሽ እህቴ፣ ሁለት ሴንቲ ብታጥሪም አመልክቺ። እኔንም 41 ዓመቴ ነው ብለው ፋይሌን ሳይከፍቱ መልሰውኛል፤ ዕድሜዬን ግን መጋዘን ውስጥ ነው የፈጀሁት። ደግሞ ቁመት ምን ያደርግላቸዋል? የላይኛው መደርደሪያ ለ1.60ም ለ1.80ም አይደረስም። ሁሉም መሰላል ነው የሚወጣው። ተረካቢ የሚያስፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ነው፤ በደረሰኙ ላይ ያለውና በካርቶን ውስጥ ያለው ሲለያይ ሳይፈርም የሚያስቆም ሰው።

«ቅጥር ክፍል»

አመሰግናለሁ፤ ግን ወንድም ነኝ፣ አመልካችም አይደለሁም። ማስታወቂያውን የምጽፈው እኔ ነኝ። የመሰላሉን ነገር ግን ለአለቃዬ እነግረዋለሁ።

«አንቀጽ ጠቃሽ»

አለቃህ ትክክል ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 111 የሚከለክለው በዘር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በብሔራዊ ምንጭና በማኅበራዊ መሠረት መለየትን ነው። ዕድሜ እዚያ ውስጥ የለም። ቁመትም የለም። «ሴት አይፈለግም» ካላለ አድልዎ የለም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ለጀርመን እሳት አደጋ ሠራተኞች የተቀመጠውን የ30 ዓመት ጣሪያ ተቀብሎታል።

«የቀድሞ አቤቱታ መርማሪ»

ዝርዝሩን በትክክል ጠቅሰኸዋል፤ ዕድሜ የለበትም። ግን ያው አንቀጽ ልዩነቱ «ውጤቱ» እኩል ዕድልን የሚያሳጣ ወይም የሚጎዳ ከሆነ ይላል። የሚታየው ጸሐፊው ያሰበው ብቻ ሳይሆን መስፈርቱ ማንን እንደሚያስቀር ነው። አገሮች በዝርዝሩ ላይ ሌላ ምክንያት መጨመርም ይችላሉ፤ ዕድሜን የጨመሩ ብዙ ናቸው። እዚያ የ30 ዓመቱ ጣሪያ በቀጥታ በዕድሜ መለየት ይሆናል። ዕድሜ ባልተጨመረበትም ቢሆን ጾታ አለ፤ «ቅጥር ክፍል»፣ የአለቃህ ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው።

በእንግሊዝ የታየ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለአንድ የሥራ ደረጃ ከ17 ዓመት ተኩል እስከ 28 ዓመት ብሎ ገደብ አወጣ። ለወንድም ለሴትም እኩል ነበር። አንዲት አመልካች ሴቶች በሃያዎቹ ዕድሜ ልጅ እያሳደጉ ከሥራ ውጭ ስለሚሆኑ ገደቡ እነሱን ይበልጥ ያስቀራል ብላ ከሰሰች። አሠሪው «ማንም አትውለጂ አላላትም» ዓይነት ክርክር አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1977 ይግባኝ ሰሚው ይህን አልተቀበለም። መስፈርቱን ማሟላት መቻል የሚለካው በወረቀት ላይ ሳይሆን በእውነተኛው ኑሮ ነው አለ።

ለቁመት ደግሞ ከግሪክ የመጣው ጉዳይ አለ። የፖሊስ ትምህርት ቤቱ ለሁሉም 1.70 ይጠይቅ ነበር። ያመለከተችው ሴት 1.68 ነበረች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ገደቡ ከወንድ ይልቅ እጅግ ብዙ ሴት እንደሚያስቀር ተመለከተ። ፖሊስ አቅም እንደሚያስፈልገው አልካደም። ግን ሁሉም የፖሊስ ሥራ ጉልበት አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ጉልበት የሚታወቀው በመፈተን እንጂ ሜትር በመዘርጋት አይደለም ነው ያለው።

አሁን ወደ አንተ። ባለፈው ለዚሁ ሥራ ማስታወቂያ አውጥታችሁ ከነበረና የዕድሜ ገደብ ካልነበረበት ፋይሉን አውጣ። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት አመለከተ? ከየወገኑ 30 ያላለፈው ስንት ነው?

«ቅጥር ክፍል»

አወጣሁት። ገደብ አልነበረበትም። 50 ወንዶች አመልክተዋል፤ 30 ያላለፋቸው 40 ናቸው። ሴቶቹ 40 ናቸው፤ 30 ያላለፋቸው 18 ብቻ። ከቀሪዎቹ ብዙዎቹ ከወለዱ በኋላ ወደ ሥራ የሚመለሱ ናቸው፤ ከሲቪያቸው ይታያል።

«የቀድሞ አቤቱታ መርማሪ»

ከወንዶቹ ገደቡን የሚያልፈው 80 በመቶ ነው፤ ከሴቶቹ 45 በመቶ። የሴቶቹ የማለፍ መጠን ከወንዶቹ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በአሜሪካ አሠራር አንዱ ወገን ከሌላው አራት አምስተኛ በታች ሲወርድ ያጠራጥራል ይባላል። ሌላ ቦታ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ የተቆረጠ ቁጥር የለም። ለአለቃህ ማሳየት ያለብህ ይሄንን ነው፦ «ጾታ አይለይም» የሚለው መስመር ባለበት ሆኖ ነው ከግማሽ በላይ ሴቶች የሚወድቁት።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ገደቡ ያለበት ማስታወቂያ ወጥቶ ከሆነ የመጡትን ብቻ አትቁጠር። 31 የሞላት ሴት ማስታወቂያውን አንብባ ቀድማ ትታዋለች። ቁጥሩ አምሮ የሚታየው ለዚህ ነው።

ግን ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ቀጥሎ አለቃህን «30 ለምን? 1.70 ለምን?» በለው። ምክንያቱ ከሥራው ከመጣና በሌላ መንገድ ካልተገኘ ይቆማል። የእሳት አደጋው ጣሪያ ያለፈው ዕድሜ ሲገፋ አቅም እንዴት እንደሚወርድ የሕክምና መረጃ ስለቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ያው ፍርድ ቤት በስፔን ለከተማ ፖሊስ የተቀመጠውን ያንኑ 30 ዓመት አልተቀበለም። ሥራው ያን ያህል የተለየ ጉልበት አይፈልግም፤ የአካል ብቃት ፈተናውም በቂ ነው አለ።

«ቅጥር ክፍል»

ጠየቅሁት። ለ30 ዓመቱ «ወጣት ኮምፒውተር ቶሎ ይለምዳል» አለ። ለቁመቱ ከባድ ካርቶን ይነሣል አለ። መሰላሉን ስነግረው ሳቀ። በመጨረሻ «እሺ ዕድሜውን አውጣው፤ በምትኩ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ያልሞላው በል» አለኝ።

«የቀድሞ አቤቱታ መርማሪ»

ያ ዕድሜው ራሱ ነው፤ ልብስ ቀይሮ መጣ እንጂ። ያሰበውን በቀጥታ ጻፈው፦ «የዕቃ ምዝገባ በኮምፒውተር መሥራት የሚችል/የምትችል»፤ ከዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ የሃያ ደቂቃ የተግባር ፈተና። ደረሰኝና ዕቃ ስጣቸው፣ አንድ ጉድለት ደብቅበት፣ ይመዝግቡ። ለካርቶኑ ክብደቱን በትክክል መዝን። ዘወትር የሚነሣው 15 ኪሎ ከሆነ 15 ጻፍ። በዓመት አንዴ የሚመጣውን 40 ኪሎ ብትጽፍ ሌላ ወንፊት ሠራህ ማለት ነው። በጋሪ ወይም በሁለት ሰው የሚነሣውንም አትቁጠረው።

«አንቀጽ ጠቃሽ»

በዕድሜውና በቁመቱ ተረታሁ። ግን ጀማሪ መፈለግ ወንጀል ሆነ? ለጀማሪ የተመደበ ደመወዝ ያለው ድርጅት ምን ይበል?

«የቀድሞ አቤቱታ መርማሪ»

«ልምድ አይጠይቅም፤ ደመወዙ ይህ ነው» ይበል። በዚያ ደመወዝ ልሥራ የሚል የ45 ዓመት ሰው ከመጣ ውሳኔው የራሱ ነው። ሥልጠና ተብሎ ለአዲስ ተመራቂዎች የሚከፈት ፕሮግራም ግን አከራካሪ ነው፤ አገር ከአገርም ይለያያል። የአገርህን ሕግ ሳላይ በአንድ ቃል አልፈርድበትም።

«ፀጉሬን አልቆርጥም»

«ጥሩ ቁመና» የሚለውን ማንም አልነካውም! እኔን ፀጉርህ ለደንበኛ አይመችም ብለው መልሰውኛል።

«የቀድሞ አቤቱታ መርማሪ»

እሱ መስፈርት ሳይሆን የጠያቂው ዓይን ነው። የዕቃ ተረካቢ ቁመና ለምን እንደሚመዘን የሚያስረዳ አላገኘሁም፤ ይሰረዝ። የደህንነት ጫማና የሥራ ልብስ ግዴታ ከሆነ ያንን ይጻፍ። ያንተ ጉዳይ ፀጉሩን ባሳደግክበት ምክንያት ይወሰናል፤ ሃይማኖት ከሆነ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ምርጫ ብቻ ከሆነ ብዙ ቦታ ይጠብባል።

«ቅጥር ክፍል»

ቁመትና ቁመና ወጥተዋል። 15 ኪሎውና ፈተናው ገብተዋል። ምረቃው ላይ አለቃዬ አሁንም እያንገራገረ ነው። ደግሞ አሁን «ጉርድ ፎቶግራፍ ይያያዝ» ጨመረበት።

«የመጋዘን ሰው»

ፎቶው ከተቀጠረ በኋላ ለመታወቂያ ይጠየቅ በለው። ማስታወቂያው ሲወጣ ደግሞ ለእኔም ጠቁመኝ።