ለራይድ ሥራ ቪትዝ ይሻላል ዲዛየር?

ጠያቂ፦ «ለራይድ ሥራ መኪና ልገዛ ነው። አውቶማቲክ ቪትዝ እና ማንዋል ዲዛየር አግኝቻለሁ፣ ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው። በቀን 12 ሰዓት ነው የምነዳው። ቤንዚን የማይበላው የቱ ነው?»

ሹፌር፣ 6 ዓመት የሠራ፦ ቤንዚኑን ተወው፣ ካምቢዮውን እይ። በቀን 150 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፣ አንዱ በሊትር 13 ሌላው 15 ቢሄድ፣ ልዩነቱ አንድ ሊትር ተኩል ነው። የእኔ ቪትዝ ግን በካምቢዮ ምክንያት ሁለት ሳምንት ጋራዥ ቆሟል። የአብዛኛው አውቶማቲክ ቪትዝ ካምቢዮ በብረት ቀበቶ ነው የሚሠራው፣ የራሱን ዘይት ይፈልጋል። የቀድሞው ባለቤት ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ሲያስሞላበት ኖሯል።

ስትሞክረው ሞተሩ ሳይሞቅ አትፍረድ። ግማሽ ሰዓት ንዳውና ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጣ። ዳገቱ መሃል ቁምና እንደገና ተነሳ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ወይም ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ፣ ቁልፉን መልስለት።

አንዲት እናት፦ ኧረ ቪትዝ ምንም አይልም! እኔ 8 ዓመት ነዳሁት፣ ከጎማ በቀር ምንም አልቀየርኩም።

ሹፌሩ፦ እትዬ፣ እርስዎ ቢሮ አድርሶዎት ጥላ ሥር ይውላል። የእኛ አራት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ነው የሚውለው።

ሌላ ሰው፦ ሁለታችሁም ኋላ ቀር ናችሁ፣ ኤሌክትሪክ ግዙ። የሞተር ዘይት የለ፣ የቤንዚን ሰልፍ የለ። ከ2016 ጀምሮ የቤንዚን መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፣ መለዋወጫም ያልቅባችኋል።

መካኒክ፦ የተከለከለው መኪናው ነው እንጂ መለዋወጫው አይደለም። ሶማሌ ተራ ሂድና እይ። ስለ ዘይቱና ስለ ሰልፉ ግን እውነትህን ነው። ማታ ግቢው ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ለሚችል ሰው ኤሌክትሪክ ቤንዚንን ያስንቃል።

ጠያቂ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የተከራየሁት። ሽቦ በመስኮት ልልቀቅ?

መካኒክ፦ እንግዲያው ዲዛየሩን ያዝ። ፍሪሲዮን ቢያልቅ በአንድ ቀን ተቀይሮ ትወጣለህ። የቦሌ መንገደኛም ሁለት ሻንጣ ይዞ ሲመጣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ይበቃዋል፣ ቪትዝ ላይ የኋላ ወንበር ማጠፍ ነው። የፍጆታውን ነገር በዳሽቦርዱ ቁጥር አትመን። ሰልባትዮውን ሞልተህ ንዳ፣ እንደገና ሙላና የሄድክበትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍል።

ሹፌሩ፦ መካኒክ ስለሆንክ ነው እንጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በሰልፍ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ብትውል እንዲህ አትልም ነበር። ማንዋል የሚነዳ ጓደኛዬ ማታ ግራ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚወርደው። እኔ አሁንም ቪትዝ ነኝ፣ ዘይቱን ግን ራሴ ቆሜ ነው የማስቀይረው።

ጠያቂ፦ ቅዳሜ ሁለቱንም ሽሮ ሜዳ አወጣቸዋለሁ። የጉልበቱን ነገር ግን በምን ልሞክረው?