መብራት ሲጠፋ የትኛው ባትሪ ያዋጣኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ መብራት ይጠፋል፤ ልጆቹ የሚያጠኑት ደግሞ ያኔ ነው። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖል፣ ወደ 12 ዋት የሚወስድ ዋይፋይ፣ ለስልክ 8 ዋት፤ በድምሩ 30 ዋት ነው። ለ5 ሰዓት 150 ዋት-ሰዓት ያስፈልገኛል። ሻጩ ያቀረበልኝ ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ነው። ሲሰላ 240 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ግን የአሲድ ባትሪ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ስለሚሞት፣ የምጠቀመው 120 ብቻ ነው። በዚያ ላይ ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል። በዚሁ መጠን ያለ የሊቲየም ባትሪ ይበቃኛል፤ ዋጋው ግን ከበደኝ።

ዋይፋዩ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ላገናኘው አስቤያለሁ። ባትሪው ቻርጅ ላይ ሲሆን ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል። ያቃጥለው ይሆን? ወይስ መሀል ላይ የቮልት ማስተካከያ ላስገባ?

ምድጃው 2000 ዋት ስለሚፈልግ በባትሪ አይታሰብም። ከሰል ደግሞ ጭስ ባይኖረውም በተዘጋ ቤት ይገድላል፤ በረንዳችንም በመስታወት የተዘጋ ነው። ፎቅ ላይ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር የምትጠቀሙ፣ የት ነው የምታስቀምጡት?