የልብ ሥዕል ላይ ግራና ቀኝ አምታተሻል ተባልኩ፤ ለመምህሬ ምን ብዬ ልጻፍ?

የ10ኛ ክፍል ተማሪ
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የባዮሎጂ ፈተና ወረቀታችን ዛሬ ተመለሰልን፤ ቅሬታ ያለው እስከ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ ለመምህሩ በኢሜይል ይላክ ተብሏል። የልብ ሥዕሉ ላይ ከ8 ያገኘሁት 3 ብቻ ነው። 1፣ 4 እና 8 ትክክል ተብለዋል፤ 2፣ 3፣ 5፣ 6 እና 7 ተሰርዘውብኛል። ያጠናሁት ግን እንደዚያ ነው። የጀመርኩት ኢሜይል ይኸውላችሁ፦ «መምህር፣ የሰጡኝ ውጤት ስህተት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ የእኔን መልስ ነው የሚለው። እባክዎ ያስተካክሉልኝ።» ይህ ይበቃል?

ጡረተኛው መምህር
አይበቃም፣ ልጄ። «ስህተት ነው» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ የደረሰው መምህር መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን የሚከላከልበትን ቃል ነው፤ ሥዕሉን መልሶ አያየውም። በእኛ ጊዜ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ መምህራን ማረፊያ ክፍል ይመጣና ቆሞ ያስረዳ ነበር፤ ዛሬም ከዚያ የሚሻል መንገድ አላውቅም። ኢሜይል ይላክ ከተባለ ግን ይላክ። አንቺ ደግሞ ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ሥዕሉን የሣልሽው አንቺ ነሽ ወይስ ታትሞ የተሰጠ ነው? በየቁጥሩ ምን ጻፍሽ? መስመሮቹስ የት ላይ ያርፋሉ?

የሁለት ልጆች እናት
የእኔም ልጅ ባለፈው ዓመት እንዲህ ገጥሞት ነበር። የእያንዳንዱን ገጽ ነጥብ አንድ በአንድ ስንደምረው 6 ነጥብ ተዘሎ ተገኘ። መምህሯ ወዲያውኑ አስተካከሉለት። እህቴ፣ መጀመሪያ ድምሩን ቁጠሪ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ
እትዬ፣ ድምሩ ትክክል ነው። ችግሩ መልሶቹ ላይ ነው።
ሥዕሉ ታትሞ የተሰጠን ነው፤ ለሁለት የተከፈለ ልብ፣ ፎቶ ኮፒ። 1 የላይኛው ቬና ካቫ፣ 2 ቀኝ ኤትሪየም፣ 3 ግራ ኤትሪየም፣ 4 አኦርታ፣ 5 ቀኝ ቬንትሪክል፣ 6 ግራ ቬንትሪክል፣ 7 የሳንባ ደም ቅዳ፣ 8 መሐል ያለው ግድግዳ ብያለሁ። 1፣ 2 እና 5 በገጹ ግራ በኩል ናቸው፤ 3 እና 6 በቀኝ በኩል። መምህሩ 2 እና 3ን፣ 5 እና 6ን በቀስት አቀያይረውብኛል። 7 አጠገብ «ደም መልስ» ብለው ጽፈዋል።

የመርካቶ ልጅ
ታዲያ ምኑ ነው የሚያከራክረው? በሥዕሉ ግራ በኩል ያለውን ቀኝ ብለሽ ጽፈሽ መምህሩ ምን ያድርጉ? ግራ ግራ ነው። ወይስ ልቡ ዞሮበታል?

ነርስ ከጎንደር
የመርካቶው ልጅ፣ የሰውነት ግራና ቀኝ የሚጠራው በሰውየው እንጂ በሚያየው ሰው አይደለም። ሥዕሉ የሚነበበው ባለ ልቡ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ እንደ ቆመ ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ የእሱ ቀኝ በእኛ ግራ ይውላል። የደረት ራጅም የሚነበበው እንዲሁ ነው፤ ፊልሙ ጠርዝ ላይ የግራ ወይም የቀኝ ምልክት የሚደረገው ማንም እንዳይሳሳት ነው።

እህቴ፣ ይህን ደንብ ብቻ ከጻፍሽ ግን መምህሩ «እኔ የጠየቅሁት በገጹ አቅጣጫ ነው» ሊሉሽ ይችላሉ። የበለጠ ጠንካራ ማስረጃ እሳቸው ራሳቸው ትክክል ባሏቸው ላይ አለልሽ። 1ን የላይኛው ቬና ካቫ ነው ብለው ነጥብ ሰጥተውሻል። ያን ቱቦ በጣትሽ ወደ ታች ተከተዪው፤ የሚገባው 2 ውስጥ ነው። ቬና ካቫ የሚገባው ደግሞ ቀኝ ኤትሪየም ውስጥ ነው። 4 አኦርታ መሆኑንም ተቀብለዋል። ከአኦርታ ቅስት ጀምረሽ ወደ ሥሩ ውረጂ፤ 6 ላይ ካደረሰሽ 6 ግራ ቬንትሪክል ነው። 5 ከ2 ሥር ነው፣ 3 ከ6 በላይ ነው፤ አራቱም በዚሁ ይያያዛሉ። 1 እና 4 ትክክል ከሆኑ 2 እና 6 ሊሳሳቱ አይችሉም።

የመርካቶ ልጅ
እሺ፣ ይህን ተቀበልኩ። ግን ሥዕሉ ከጀርባ የታየ ልብ ቢሆንስ? ያኔ ግራው ግራ፣ ቀኙም ቀኝ ይሆናል፤ መምህሩም ትክክል ናቸው ማለት ነው።

ጡረተኛው መምህር
ጥያቄህ ተገቢ ነው። ከጀርባ የታየ ቢሆን ቬና ካቫው በገጹ ቀኝ በኩል ይታይ ነበር። እሷ ግን በግራ ነው ያለችን፤ መምህሩም አጽድቀውታል። ልጄ፣ አንድ ነገር ተመልከቺ፤ የልቡ ሹል ጫፍ ወደ የትኛው የገጹ ወገን ያዘነብላል?

የ10ኛ ክፍል ተማሪ
ወደ ቀኝ፣ ጋሼ። አኦርታውንም ተከተልኩት፤ ላይ ሁለት ቦታ ከሚከፈለው ቱቦ ኋላ ያልፍና 6 ላይ ይወርዳል።

ጡረተኛው መምህር
እንግዲያው ከፊት የታየ ነው።

ኢንጂነር ነኝ
እኔ ደግሞ ቀላሉን ልንገርሽ። የግራ ቬንትሪክል ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ብዙ ደም የሚይዘው እሱ ስለሆነ። በሥዕሉ ላይ 6 ወፍራም ከሆነ አለቀ፤ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊና ላኪው።

ነርስ ከጎንደር
ወፍራም መሆኑ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ያ አይደለም። ሁለቱ ቬንትሪክሎች በአንድ ምት የሚገፉት ደም እኩል ነው። ቀኙ ከግራው አብልጦ ቢገፋ ኖሮ ደሙ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ልዩነቱ ግፊቱ ላይ ነው። ቀኙ ደሙን የሚልከው እዚያው ደረት ውስጥ ወዳለው ሳንባ ስለሆነ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ይበቃዋል። ግራው እስከ እግር ጣት ድረስ ስለሚልክ 120 ያህል ያስፈልገዋል። ጡንቻው ሦስት እጥፍ ያህል የሚወፍረው ለዚህ ነው። «ብዙ ደም ስለሚይዝ» ብላ ብትጽፍ መምህሩ እሱን ይዘው ቀሪውን ይጥሉባታል።
ደግሞም ሥዕሎች ሁሉ ውፍረቱን በትክክል አያሳዩም። ያንቺ ላይ ልዩነቱ ይታያል?

የ10ኛ ክፍል ተማሪ
ፎቶ ኮፒው ጠቁሯል፤ ሁለቱም እኩል ነው የሚመስሉት።

ነርስ ከጎንደር
እንግዲያው ስለ ውፍረት ምንም አትጻፊ። ወረቀቱ ላይ የማይታይ ነገር ማስረጃ አይሆንሽም። «ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ» የሚለውንም አውጪው።

ኢንጂነር ነኝ
ስለ ውፍረቱ ምክንያት ታረምኩ። 7 ላይ ግን መምህሩ ትክክል ይመስሉኛል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ኦክስጅኑ ያለቀበት ነው፤ መጽሐፍ ላይም በሰማያዊ ነው የሚሣለው። ኦክስጅን ያነሰው ደም የሚሄድበት ቱቦ ደግሞ ደም መልስ ይባላል።

ነርስ ከጎንደር
አይደለም። ደም ቅዳና ደም መልስ የሚለዩት ደሙ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ ከልብ የሚወጣው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መልስ። በብዙው የሰውነት ክፍል ደም ቅዳ ኦክስጅን የሞላው ደም ስለሚይዝ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል። የሳንባው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሰማያዊውም ቀለም የሥዕል ልማድ ነው እንጂ ኦክስጅን ያነሰው ደም ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ በየቀኑ በመርፌ ስቀዳው የማየው ነው።
እህቴ፣ የ7 መስመር ጫፍ የት ላይ ነው የሚያርፈው? ከ5 ወጥቶ ላይ ሁለት ቦታ የሚከፈለውን ቱቦ ከነካ የሳንባ ደም ቅዳ ነው፤ መልስሽ ልክ ነው። 3 ውስጥ የሚገቡትን ትናንሽ ቱቦዎች ከነካ ግን የሳንባ ደም መልስ ነው፤ መምህሩ ልክ ናቸው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ
በገጹ ቀኝ በኩል ባለው ቅርንጫፍና ከሥሩ ባሉት ትናንሽ ቱቦዎች መካከል ነው የሚያልቀው። ማንንም አይነካም።

ጡረተኛው መምህር
በዚያ በኩል ደም ቅዳውና ደም መልሶቹ ተቀራርበው ነው የሚገኙት፤ ፎቶ ኮፒ ደግሞ የመስመር ጫፍ ይበላል። ስለዚህ 7ን ከአራቱ ጋር አትደባልቂው። አራቱን በማስረጃ ታስረጃለሽ፤ 7ን ትጠይቂያለሽ። እንዲህ አድርገሽ ጻፊው፦

«ርዕስ፦ የልብ ሥዕል ጥያቄ ዳግም እንዲታይልኝ ስለ መጠየቅ፣ 10ኛ ክፍል

የተከበሩ መምህር፣ እንደምን አመሹ። በልብ ሥዕሉ 2፣ 3፣ 5 እና 6 ላይ የሰጠኋቸውን መልሶች ዳግም እንዲመለከቱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

2ን ቀኝ ኤትሪየም ያልኩት በ1 የተመለከተው የላይኛው ቬና ካቫ ወደ እሱ ስለሚገባ ነው። 6ን ግራ ቬንትሪክል ያልኩት በ4 የተመለከተው አኦርታ ከእሱ ስለሚወጣ ነው። 1 እና 4 ትክክል ተብለው ታርመውልኛል። 5 ከ2 በታች፣ 3 ደግሞ ከ6 በላይ ስለሚገኙ ቀኝ ቬንትሪክልና ግራ ኤትሪየም ብያቸዋለሁ። ግራና ቀኝ ያልኩት በባለ ልቡ በኩል ነው። በገጹ አቅጣጫ እንድንጽፍ ታዝዞ ከነበረ ግን ቢገልጹልኝ እቀበላለሁ።

7 ላይ መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ ግልጽ አልሆነልኝም። የትኛውን ቱቦ እንደሚያመለክት ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። የወረቀቴን ፎቶ አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣»

ከዚያ በታች ሙሉ ስምሽን፣ ክፍልሽንና የስም ጥሪ ቁጥርሽን ጻፊ።

የመርካቶ ልጅ
«እቀበላለሁ» የሚለው ይውጣ። መምህሩ «አዎ፣ በገጹ ነበር» ብለው ሊዘጉት ይችላሉ። በር ራሷ ለምን ትከፍታለች?

የ10ኛ ክፍል ተማሪ
ፈተናው ላይ የተጻፈው ትእዛዝ «በቁጥር የተመለከቱትን ክፍሎች ሰይሙ» የሚል ብቻ ነው። ስለ አቅጣጫ ምንም አይልም።

ነርስ ከጎንደር
እንግዲያው ትእዛዙን እንዳለ ጥቀሺውና «እቀበላለሁ» የሚለውን ተዪው። እኔ እንደዚያ አደርግ ነበር።

ጡረተኛው መምህር
እኔ አልስማማም። መምህሩ በቃል ተናግረው ከሆነና እሷ ካልሰማች፣ ያ ዓረፍተ ነገር ነው ክብሯን የሚጠብቅላት። ምርጫው የእሷ ነው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ
አንድ ነገር አስጨነቀኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ግራና ቀኙን በገጹ አቅጣጫ ጽፋ አራቱንም አግኝታለች። እኔ ይህን ብልክ የእሷ ይቀነስባት ይሆን?

የሁለት ልጆች እናት
ኧረ የሰው ልጅ ነጥብ አታስቀንሺ። የራስሽን ብቻ ጠይቂ።

ጡረተኛው መምህር
የራሷን ብቻ ነው የጠየቀችው፤ ደብዳቤው ላይ የማንም ስም የለም። ነገር ግን የተሳሳተው የመምህሩ መልስ መስጫ ከሆነ ክፍሉ በሙሉ በእሱ ታርሟል። እኔ ብሆን እንደ እሷ በትክክል ለጻፉት ሁሉ ነጥቡን እጨምራለሁ፤ በተሳሳተው መልስ መስጫ ያገኙትን ግን አልቀንስም። የእሷ መምህር ምን እንደሚያደርጉ ልነግራት አልችልም።

ነርስ ከጎንደር
እኔ ደግሞ መቀነስ አለበት ባይ ነኝ። ከእነዚህ ልጆች አንዷ ነገ ነርሲንግ ትገባ ይሆናል፤ ግራና ቀኝ የታካሚው መሆኑን በ10ኛ ክፍል ካላወቀች እኛ ጋ ስትደርስ ነው የምትቸገረው። ለጓደኛሽ ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ከመምህሩ በፊት ከአንቺ ትስማው።

ኢንጂነር ነኝ
ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሺው። ካልደረሰ መብራት ከጎን አድርጊ፤ የስልኩ ፍላሽ እርሳሱን ያነጣዋል። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ከላይ ቀጥ አድርገሽ አንሺ፤ ትእዛዙ፣ ሥዕሉና የመምህሩ ቀይ እርማት አንድ ላይ ይታዩ። የ7ን መስመር ጫፍ ብቻ የሚያሳይ ሁለተኛ ፎቶም ጨምሪ። በስልኩ የፊት ካሜራ አታንሺው፤ አንዳንዱ ስልክ ምስሉን እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ 2 ያለው በቀኝ ይሆንና ክርክሩ ሁሉ ይበላሻል።

የሁለት ልጆች እናት
ድምሩንም አንድ ጊዜ ቁጠሪው፣ እህቴ።