ኦፈሩ ከጠበቅኩት በታች መጣ፣ እስከ ነገ መልሺ ተብያለሁ

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። ሦስት ዙር ኢንተርቪው አልፌ ዛሬ ጠዋት ኦፈር ላኩልኝ፣ 26 ሺህ ይላል። አሁን 24 ነው የማገኘው። ለ2 ሺህ ብዬ ሥራ አልቀይርም፣ ግን ሥራውን በጣም ፈልጌዋለሁ። ሳላስቀይማቸው እንዴት ነው ጨምሩልኝ የምለው? እስከ ነገ 11 ሰዓት መልስ ይፈልጋሉ።

አባ መላ፦
ልጄ፣ የዛሬ ወጣት ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ነው ስለ ደመወዝ የሚያወራው። እኛ መጀመሪያ ሥራችንን አሳይተን ነበር የምንጠይቀው። ግቢ፣ ሥሪ፣ ሲያዩሽ ራሳቸው ይጨምሩልሻል።

ቅጥር ላይ የኖርኩ፦
ሁለት ነገር ንገሪኝ። ኢንተርቪው ላይ ስንት ትፈልጊያለሽ ሲሉሽ ምን አልሽ? 24 ያልሽውስ በእጅሽ የሚገባው ነው ወይስ ከግብር በፊት ያለው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ከ28 እስከ 34 ብያለሁ። 24 በእጄ የሚገባው ነው። ከግብርና ከጡረታ በፊት 38 ነው።

ቅጥር ላይ የኖርኩ፦
እንግዲያው ነገሩ ሌላ ነው። ኦፈር ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ያልተጣራው ነው። 26ቱ ያልተጣራ ከሆነ ሲቆራረጥ አሁን ከምታገኚው በታች ይወርዳል። አንቺ 2 ሺህ ጨመሩልኝ ብለሽ ስትከፊ፣ እነሱ የቀነሱብሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ጭማሪ አትጠይቂ። ይህን ብቻ ላኪ፦ «ስለ ኦፈሩ አመሰግናለሁ፣ ሥራውን በጣም ፈልጌዋለሁ። አንድ ነገር ላጣራ ብዬ ነው፤ 26 ሺህ የተባለው ከግብርና ከጡረታ በፊት ነው ወይስ በእጅ የሚደርሰው?» በዚህ የሚከፋ ቀጣሪ የለም።

ደፋሩ፦
መጀመሪያ ቁጥር የጠራ ተሸነፈ። 28 ያልሽው ዕለት ነው ያበላሸሽው።

ቅጥር ላይ የኖርኩ፦
ደፋሩ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ከ28 እስከ 34 ስትል የሚሰማው 28ቷ ናት፣ 34ን ማንም አይጽፋትም። ግን ቅጹ ላይ ቁጥር ካልሞላህ የማያሳልፉ ብዙ ናቸው፣ ዝም ማለት ሁሌ አይቻልም።

የዋሁ፦
እኔ ጠይቄ ኦፈሩን ወሰዱብኝ። ሌላ ቦታ 40 ሰጥተውኛል አልኳቸው፣ እንኳን ደስ ያለህ ብለው ዘጉት። ሌላ ቦታ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ነው የከረምኩት። እህቴ፣ የሌለ ኦፈር እንዳትጠሪ።

ሰሚራ፦
በጽሑፍ አይሆንም፣ ደውዪ። ድምፅሽን ሲሰሙ ይለያል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
መለሱልኝ! ያልተጣራ ነው። እጄ ላይ 17 ምናምን ነው የሚቀረው። እኔ ከ28 እስከ 34 ስል የተጣራውን ማለቴ ነበር። ነገ 4 ሰዓት ላይ ኃላፊው ይደውልልኛል።

ቅጥር ላይ የኖርኩ፦
ጥሩ። ሰሚራ ያለችው ልክ ነው፣ ጭማሪው በስልክ ይሻላል። መጀመሪያ ስህተቱን አንቺው ውሰጂ፦ «ያኔ የነገርኳችሁ በእጅ የሚደርሰውን ነበር፣ አለመግለጼ ጥፋቴ ነው። አሁን ያለሁበት ያልተጣራ 38 ነው። 43 ብታደርጉልኝ ዛሬውኑ እፈርማለሁ።» አንድ ቁጥር ብቻ ጥሪ። ምክንያትሽ ሥራው ይሁን፣ የዓመቱን ሒሳብ ዘግተሽ ለኦዲት ያቀረብሽ ከሆነ እሱን ንገሪያቸው። የቤት ኪራይ ወይም የልጅ ወጪ አታንሺ፣ እሱ ለእነሱ ምክንያት አይሆንም። ቁጥሩን ከጠራሽ በኋላ ዝም በዪ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸነፈው። ሦስት ሰከንድ ጸጥ ሲል ይጨንቀውና «ካልሆነም 37 ይሁን» ይላል፣ ያኔ ሰላሳ ሰባት ሆኖ ይቀራል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከ26 ወደ 43 ትልቅ ዝላይ ነው፣ ላትገናኙ ትችላላችሁ። ከዚህ በታች አልሄድም የምትዪውን ቁጥር ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ ጻፊው። ስልክ ላይ ሆነሽ አትወስኚ።

አባ መላ፦
ለቁጥር ብላ መልካም ቦታ ብታጣስ? እኔ አሁንም ገብታ ታሳይ ባይ ነኝ።

ቅጥር ላይ የኖርኩ፦
አባ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የየዓመቱ ጭማሪ ብዙ ቦታ በፐርሰንት ነው የሚሰላው። ዝቅ ብላ ከገባች ጭማሪዋም ዝቅ እንዳለ ይቀጥላል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
በጀት የለንም ቢሉኝስ?

ቅጥር ላይ የኖርኩ፦
ያኔ እርከኑን ጠይቂ። ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ የሥራ መደብ ውስጥ እርከን አለው፣ የመጀመሪያው ላይ አስቀምጠውሽ ከሆነ በልምድሽ ከፍ ማድረግ ይችላሉ። የትራንስፖርት አበልም አንዳንዴ ይገኛል። ከሙከራ ጊዜ በኋላ እናያለን ካሉሽ ቁጥሩና ቀኑ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለውን የነገረሽ ሰው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

የዋሁ፦
አሁን ያለሽበትን ደግሞ የተስተካከለው ደብዳቤ ተፈርሞ እጅሽ ሳይገባ እንዳትለቂ።

ሰሚራ፦
4 ሰዓት አለፈ፣ ደወሉልሽ?