ወደ ኤክስቼንጅ የገባ ቢትኮይን ሁሉ ለሽያጭ ነው? በወርኃዊ መግለጫችን ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በየወሩ ለአባላት በምንልከው መግለጫ ላይ የኤክስቼንጅ፣ ማለትም ቢትኮይንና ሌሎች ኮይኖች የሚገዙበትና የሚሸጡበት መድረክ፣ ገቢና ወጪ የሚል ክፍል እንጨምር ተብሏል። የቀረበው ረቂቅ ይህ ነው፦ «ገቢው ከበዛ የሚሸጥ በዝቷል፤ ወጪው ከበዛ ሰው እያከማቸ ነው።» ይህን ይዘን እንወጣ?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ እደግፋለሁ። ሊሸጥ ያሰበ ኮይኑን ገበያ ያወጣል፣ ሊይዝ ያሰበ ቤቱ ያስቀምጣል። ይኼው ነው።

ከዱባይ፦ በ2022 ኅዳር ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ ኤክስቼንጅ ሲወድቅ እኔም ያለኝን በሙሉ ከምጠቀምበት ኤክስቼንጅ አወጣሁ። በሰንጠረዡ ላይ «አከማቸ» ተብዬ ተቆጥሬ ይሆናል። እኔ ግን ፈርቼ ነው ያወጣሁት። አንድም አልገዛሁም። ከሁለት ወር በኋላ ግማሹን መልሼ ሸጫለሁ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ እኔ ባለፈው ሳምንት ዩኤስዲቲ አስገብቻለሁ። ታዲያ ሻጭ ነኝ ማለት ነው?

የዳታ ባለሙያ፦ አይደለሽም እህቴ። ዩኤስዲቲ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ኮይን ስለሆነ ሲገባ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ መግዣ ይዘሽ ገበያ እንደመጣሽ ነው። ስለዚህ ረቂቁ የትኛው ኮይን እንደሚቆጠር መጥቀስ አለበት።

ገንዘብ ያዥ፣ አንተ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። በ2024 ጀርመን ውስጥ የሆነውን እንየው። የዛክሰን ግዛት ፖሊስ በጥር ወር ወደ 50,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ከአንድ የወንጀል ምርመራ ይዞ ነበር። ከሰኔ 19 እስከ ሐምሌ 12፣ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ 49,858ቱን ሸጠው ወደ 2.64 ቢሊዮን ዩሮ አገኙ። ኮይኑ የተቀመጠበት ዋሌት ይታወቅ ስለነበር፣ ኮይንቤዝ፣ ክራከንና ቢትስታምፕ ወደሚባሉ ኤክስቼንጆች ሲላክ ዓለም በሙሉ በቀጥታ አየ። እዚህ ላይ ገቢ ማለት በእርግጥ ሽያጭ ነበር።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተወሰነው ኮይን ሳይሸጥ ወደ መንግሥቱ ዋሌት ተመልሷል። ለምሳሌ 500 ገብቶ 200 ቢመለስ፣ የገባውን ብቻ ያየ ሰው 500 ተሸጠ ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ከፊሉ ወደ ፍሎው ትሬደርስና ከምበርላንድ ዓይነት ትልልቅ ነጋዴዎች ነው የሄደው። እነሱ ኤክስቼንጅ አይደሉም። የኤክስቼንጅ ገቢን ብቻ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያንን ሽያጭ አያየውም።

ገንዘብ ያዥ፦ ዋጋውስ? ያኔ ወድቆ የለም እንዴ?

የዳታ ባለሙያ፦ ወድቋል። ሽያጩ ሲጀመር 65,000 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ሐምሌ 5 ከ54,000 በታች ወረደ። ግን በዚያው ቀን ቀድሞ የከሰረው ኤክስቼንጅ የማውንት ጎክስ ባለአደራ ለአበዳሪዎቹ ቢትኮይን መክፈል ጀመረ፤ እነሱም ይሸጡታል ተብሎ ተፈራ። ስንቱ በጀርመን፣ ስንቱ በዚያ ፍርሃት እንደወረደ መለየት አይቻልም። ሽያጩ ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋው ወደ ነበረበት ተመልሷል።

ጸሐፊ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2022 ኅዳር 28 ከባይናንስ ኤክስቼንጅ 127,351 ቢትኮይን ሲወጣ ብዙ ሰው ተደናግጦ ነበር። በኋላ የባይናንስ ኃላፊ ሲናገሩ ገንዘቡ በእጃችን መኖሩን የሚያሳይ የመጠባበቂያ ማረጋገጫ ኦዲት ነው፣ ገንዘቡ ወደ ራሳችን ዋሌት ነው የሄደው አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ጽፈን ብንልክ ማን ይመልሰዋል?

የዳታ ባለሙያ፦ ትክክል። አድራሻ ላይ ስም የሚለጥፉት የዳታ ድርጅቶች ናቸው፤ አዲስ ዋሌት ደግሞ መጀመሪያ ስም የለውም። ስለዚህ ኤክስቼንጁ ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው ሲያዛውር «ወጣ» ተብሎ ይቆጠራል። ኋላ ላይ ስሙ ሲለጠፍለት ያለፈው ቁጥር ራሱ ይስተካከላል። ዛሬ ያየነው ከሳምንት በኋላ ያው ላይሆን ይችላል። እኔ የማየው ምልክት አለ። አንድ ኤክስቼንጅ ብቻ፣ በአንድ ሰዓት፣ በክብ ቁጥር ካንቀሳቀሰ የቤት ውስጥ ዝውውር እጠረጥራለሁ። በብዙ ኤክስቼንጆች ላይ ለቀናት ከተደጋገመ ግን ቁም ነገር ነው።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ላሻሽለው፦ «የቢትኮይን የተጣራ ገቢ፣ ማለትም የገባው ሲቀነስ የወጣው፣ በሦስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ኤክስቼንጆች ላይ ለሰባት ቀናት ከጨመረ የመሸጥ ግፊት ሊኖር ይችላል። የዩኤስዲቲ ገቢ ለብቻው ይቀርባል። ቁጥሩ የተወሰደበት ቀን ይጻፋል።»

ገንዘብ ያዥ፦ ሰባት ቀን ይረዝማል። እስከዚያ ዋጋው ሄዷል። ሦስት ይበቃል።

ከዱባይ፦ በሦስት ቀን የኔን ዓይነቱን ፍርሃት ከእውነተኛ ክምችት አትለዩትም። እኔ ሰባት እላለሁ።

የዳታ ባለሙያ፦ ወጪውን በሰባትም ቢሆን «ክምችት» አንበለው። «ከኤክስቼንጅ የወጣ» ብቻ ይባል።

ሰብሳቢ፦ ያንን ቃል ቀይሬዋለሁ። የቀኑን ቁጥር እሑድ ድምፅ እንሰጥበታለን። እስከዚያ ጸሐፊያችን ያለፉትን ሦስት ወራት በሁለቱም አሠራር ይሥራና ያምጣልን።